ዜሮ በመቶ ሲባል

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሁለተኛ ምዕራፍ ከእንግሊዝኛ መጽሔት ወስዶ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለሰው እንበል። አማካሪው ፋይሉን በፕላጃሪዝም መፈተሻ ሶፍትዌር ሲያሳልፉት «መመሳሰል 0%» የሚል ውጤት ይወጣል። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። የታዘዘውን ፈልጎ ስላላገኘ ነው።

የተለመደው መፈተሻ ሐሳብ አያነብም። ጽሑፉን ለምሳሌ ሦስት ሦስት ቃል አድርጎ፣ አንድ አንድ ቃል ወደፊት እየተራመደ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ቁጥር ይለውጥና ከቁጥሮቹ የተወሰኑትን እንደ ጣት አሻራ ያስቀምጣል። ሌላ ሰነድ ውስጥ ተመሳሳይ አሻራ ከበዛ ያንን ቦታ ቀለም ይቀባዋል። ለእንግሊዝኛ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መስተዋድዱና ተውላጠ ስሙ ለብቻቸው ስለሚቆሙ ዋናው ቃል መልኩን ቶሎ አይቀይርም።

አማርኛ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ላይ ይጭናል። አንዱ «ገበሬዎቹ ማዳበሪያ ዘግይቶ ስለደረሳቸው ምርታቸው ቀነሰ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ያንኑ ወስዶ «ማዳበሪያው ለገበሬዎቹ ዘግይቶ በመድረሱ ምርት ቀንሷል» አለ። ሁለቱም ስድስት ስድስት ቃል ናቸው፤ በሦስት በሦስት ሲቆራረጡ አራት አራት ቁራጭ ይወጣቸዋል። የሚገናኝ ቁራጭ ግን አንድም የለም። በነጠላ ቃል እንኳ ብናነጻጽር ሳይነካ የቀረው «ዘግይቶ» ብቻ ነው። ገበሬ፣ ማዳበሪያ፣ መዘግየት፣ መድረስ፣ ምርት፣ መቀነስ፦ ስድስቱም በሁለቱም ውስጥ መኖራቸው የሚታየው ቅጥያው ተገፎ ሥሩ ሲወጣ ነው። ለአማርኛ ታስቦ ያልተሠራ መፈተሻ ይህን አያደርግም።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት (ጸ፣ ፀ)፣ ሁለተኛውን በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ በጠቅላላው አሥራ ሁለት። አንባቢው አንድ ቃል ያነባል፣ ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት ያያል። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መጠቅለል ያስፈልጋል። ሲጠቀለል ሠዓሊውና ጸሎተኛዋ «ሰአሊ» አንድ መሆናቸው አይቀርም፤ ለዚህ ሥራ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው።

በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያል፣ ከሥሩ የተቀመጠው ግን የላቲን ምልክት ነው። አንድ መስመር ቀድቶ ተራ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነው መፈተኛው፤ የተዘበራረቀ ምልክት ከወጣ ሶፍትዌሩም ያየው ያንኑ ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ቅጥያው ቢገፈፍ፣ ፊደሉ ቢጠቀለልም ምንጩ እንግሊዝኛ ነውና የሚጋራ ቃል የለም። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ምዕራፉን በማሽን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መፈተሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ከዋናው ጋር ቃል በቃል ስለማይገጥም የጣት አሻራው ይደበዝዛል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩን ራሱን ወደ ቁጥሮች መለወጥ ነው። ጉግል በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ላብሴ የተባለ ሞዴል አማርኛን ጨምሮ ለ109 ቋንቋዎች የተሠራ ሲሆን፣ አንድን ዓረፍተ ነገር በ768 ቁጥሮች ይወክላል። የማዳበሪያው ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ተጻፈ በእንግሊዝኛ፣ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይሆናሉ። ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማነጻጸር ስለማይቻል መጀመሪያ ጥቂት ተጠርጣሪ ሰነዶች ይመረጣሉ፤ ዝርዝሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

መቀራረብ ግን ስርቆት አይደለም። ማዳበሪያ ሲዘገይ ምርት እንደሚቀንስ ብዙ ሰው በየራሱ ጽፏል። የሚያስጠረጥረው ሰንሰለቱ ነው፤ አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገሮች በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ምሳሌ፣ በዚያው አኃዝ ሲሄዱ። ዓመተ ምሕረትም ይመጣል፦ የእንግሊዝኛው 2021 በእኛ 2013 ወይም 2014 ነው፤ ቁጥርን እንዳለ የሚያነጻጽር መፈተሻ ይህን ያልፈዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያምነው ማስረጃ ግን ሶፍትዌሩ የማይቆጥረው ነው። የሀገር ስም ወደ እንግሊዝኛ ሄዶ ሲመለስ ይጎዳል። አማካሪው ምዕራፉን በእጃቸው ይዘው ሲያነቡ፣ አማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ ባሕር ዳርን ሦስት ቦታ ላይ «ባሂር ዳር» ብሎ ጽፎ ያገኙታል።