ሃያ አምስት እጥፍ፤ የየትኛው ወጪ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የታክስ ቢሮዬ የመጣ የ38 ዓመት ወንድማችን የኤክሴል ሰንጠረዡን ከፍቶ አሳየኝ። ከታክስ በኋላ በዓመት 70 ሺህ ዶላር ያገኛል፤ በ24 ሺህ እየኖረ 46 ሺህ ይቆጥባል። 24 ሺውን በ25 አባዝቶ 600 ሺህ አገኘና «በአሥር ዓመት ሥራ አቆማለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። ከዋጋ ንረት በላይ 5 በመቶ ትርፍ ከተገኘ ስሌቱ ልክ ነው። ሒሳቡን ስናይ ግን በዓመቱ የገባው 40 ሺህ ብቻ ነው። «6 ሺዋስ?» ስለው፣ «እሷማ ለእናቴ የምልካት ናት፤ ወጪ አይደለችም» አለ።

ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። እናትን መጦር «ወጪ» ሲባል ነውር ይመስለናል። ልጅ ሥራ ስላቆመ ግን የእናት ቀለብ አይቆምም። በየወሩ የሚላክ እያንዳንዱ 100 ዶላር፣ በ25 እጥፉ ስሌት እንኳ፣ ግቡ ላይ 30 ሺህ ይጨምራል።

25 እጥፉ ራሱ የመጣው ዊሊያም ቤንገን በ1994 ካወጣው ጥናት ነው። በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ አውጥቶ ከዚያ በኋላ በዋጋ ንረቱ ልክ የሚጨምር ጡረተኛ ገንዘቡ 30 ዓመት እንደሚያቆየው የአሜሪካን ገበያ ታሪክ አይቶ አሰላ። ይህ ለ65 ዓመት ሰው ይበቃል። በ48 ዓመቱ ለሚያቆም ግን እኔ በ30 ነው የማባዛው።

ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። ወጪን መቁረጥ ቁጠባውን ያሳድጋል፣ ግቡንም ያሳንሳል። ግቡ የሚያንሰው ግን በተቆረጠው ወጪ ዕድሜ ልክ መኖር ከተቻለ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤዝመንት ተጋርቶ ይኖራል፤ የጤና ኢንሹራንሱን አሠሪው ይከፍልለታል። ሜዲኬር የሚጀምረው ደግሞ በ65 ነው። ስለዚህ በ24 ሺው ላይ የእናቱን 6 ሺህ፣ ለኢንሹራንስ 6 ሺህ፣ ለብቻ ቤት ኪራይ 12 ሺህ ጨመርን። 48 ሺህ ሆነ። በ30 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 440 ሺህ። በዓመት 40 ሺህ ለሚቆጥብ ሰው ይህ በዚያው 5 በመቶ ትርፍ 21 ዓመት ይፈጃል።

ሃያ አንድ ዓመት ቤዝመንት ውስጥ ተጨናንቆ መኖር እንደማይሆን እሱም ያውቀዋል። የሚያዋጣው መንገድ መሐል ላይ አለ። እንዲህ ለ11 ዓመት ከቆጠበ 570 ሺህ ገደማ ይይዛል፤ ከዚያ በዓመት 19 ሺህ ማውጣት ይችላል። ኢንሹራንስ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥራ ካገኘ የሚያስፈልገው 42 ሺህ ነው፤ ከሥራው ከታክስ በኋላ 23 ሺህ ብቻ ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለ ሥራ አሁን ባለበት ሙያ ይገኝ እንደሆነ አሠሪዎችን ዛሬውኑ ይጠይቅ። ግቡን የሚወስነው የእነሱ መልስ ነው።