ከመምታቱ በፊት የሚናገር ጠላት

ሆሎው ናይት በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ፣ እንጉዳይ ከወረረው ዋሻ በታች፣ ሦስት እህትማማች ማንቲሶች በዙፋን ላይ ተቀምጠዋል። ተጫዋቹ ወደ አዳራሻቸው ሲገባ አይነኩትም። ፊት ለፊታቸው ቆሞ ለፍልሚያ ሲጠራቸው ብቻ አንዷ ተነስታ ትወርዳለች። በጌም ውስጥ እንዲህ መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅን ከባድ ባላንጣ ተጫዋቾች «ቦስ» ይሉታል። ይህን ጌም በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ የሚገኘው ቲም ቼሪ፣ የአሪ ጊብሰንና የዊሊያም ፔለን ትንሽ ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ አቀረበው። ቦስ ለመሥራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ቢያጠናቸው የምመኘው እነዚህን ሦስት እህቶች ነው። ፈጣኖች ናቸው፣ ይገድላሉ፤ ነገር ግን ከመምታታቸው በፊት ሁልጊዜ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ይናገራሉ።

የሚያውቁት የጥቃት ዓይነት ሦስት ብቻ ነው። አንደኛው፣ ከአዳራሹ በአንዱ ጫፍ መሬት ላይ ብቅ ብሎ ጦርን ወደ ፊት ቀስሮ እስከ ሌላው ጫፍ መወርወር ነው። ሁለተኛው፣ ከተጫዋቹ አናት በላይ ብቅ ብሎ ጦርን ወደ ታች ደግኖ ቁልቁል መውረድ። ሦስተኛው፣ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ዞሮ የሚመለስ ስለታማ ነገር መወርወር። ከእያንዳንዱ ጥቃት በኋላ ማንቲሷ ትሰወርና በሌላ ቦታ ትገለጣለች።

እዚህ ላይ የንድፉን ብልሃት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የምትገለጥበት ቦታ ራሱ መልእክት ነው። መሬት ላይ ከታየች ትወረወራለች፤ ከላይ ከታየች ትወርዳለች፤ ግድግዳ ላይ ከታየች ትወረውራለች። ተጫዋቹ የፊቷን ገጽታም ሆነ የክንዷን ጥቃቅን እንቅስቃሴ መመርመር የለበትም። ሰውነቷ በጥቁር ጥላ ብቻ ቢሳል እንኳ ሦስቱ አቋሞች አይምታቱም። መልሱም እንደዚያው የተለያየ ነው፤ ለመጀመሪያው መዝለል፣ ለሁለተኛው ወደ ጎን መፈትለክ፣ ለሦስተኛው የተወረወረው ነገር የሚሄድበትንና የሚመለስበትን መንገድ አይቶ ቦታ መምረጥ። ሁለት ጥቃቶች አጀማመራቸው ተመሳስሎ መልሳቸው የሚለያይ ቢሆን ኖሮ፣ ተጫዋቹ ማንበቡን ትቶ መገመት ይጀምር ነበር።

ማንኛውም የቦስ ጥቃት በሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ዝግጅት፣ ምት እና ማገገሚያ። በዝግጅቱ ጠላት እጁን ያነሳል ወይም ወደ ኋላ ይላል። በምቱ ጊዜ የነካው ሁሉ ይጎዳል። በማገገሚያው ደግሞ ለቅጽበት ተጋልጦ ይቆያል። ፍትሐዊነት በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያው ክፍል ርዝመት ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሚጠብቅ በረኛ ኳሷ ከተመታች በኋላ ቢነሳ አይደርስባትም፤ የሚያነበው የመቺውን አካሄድና የቆመበትን እግር ነው። ዝግጅቱ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ይህንኑ የንባብ ጊዜ ነው።

ጊዜው ምን ያህል ይሁን? አንድ ሰው የሚጠብቀው ነገር በስክሪን ላይ ሲታይ ቁልፍ ለመጫን ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አብዛኞቹ የፍልሚያ ጌሞች በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያሳዩ፣ ባለሙያዎቹ «ፍሬም» በሚሉት መለኪያ ይህ ወደ 15 ፍሬም ነው። ግን ይህ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ለሚጠብቅና መልሱም አንድ ለሆነለት ሰው ነው። ከሦስት ጥቃቶች የትኛው እንደመጣ ለይቶ፣ ከሦስት መልሶች ትክክለኛውን ለመምረጥ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑና መጫወቻ እጀታውም የራሳቸው መዘግየት አላቸው። በዚህ ላይ ዝላዩ ራሱ ተጀምሮ ከምቱ በላይ እስኪደርስ ጥቂት ፍሬሞች ይበላል።

እንግዲህ አንድ ከባድ የመዶሻ ምት ልንሠራ ነው እንበል። ለማየት 15፣ ለመምረጥ 8፣ ለመሣሪያው መዘግየት 5፣ ለዝላዩ 8 ፍሬም ብንመድብ 36 ይሆናል፤ ይህም ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚታይ ጥቃት እኔ ከዚህ በታች አልወርድም። በዚህ ስሌት መሠረት 12 ፍሬም ዝግጅት ያለው ምት በዓይን አይመለስም። እንዲህ ያለ ምት ቦታ የሚኖረው ከሌላ ጥቃት ተከትሎ ሁልጊዜ የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያኔ የፊተኛው ጥቃት ለኋለኛው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ማገገሚያው ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች የሚዘነጉት ክፍል ነው፤ ሆኖም ትግሉ ትግል የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ማንቲሷ ቁልቁል ከወረደች በኋላ መሬት ላይ ለቅጽበት ትቆያለች። ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት ምርጫ አለው። ጌሙ ሲጀመር ሕይወቱ አምስት ጭንብል ነው። ጠላትን በሰይፉ በመታ ቁጥር 11 ነፍስ ያገኛል፤ አንድ ጭንብል ለመመለስ 33 ነፍስ ይከፍላል። ማለትም ሦስት የተሳኩ ምቶች አንድ ፈውስ ይገዛሉ። ፈውሱ ግን አንድ ሰከንድ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መቆም ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ የማንቲሷ ማገገሚያ «ልምታት ወይስ ልዳን?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ማገገሚያው በጣም ካጠረ ጥያቄው ይጠፋል፤ ተጫዋቹ መሸሽ ብቻ ይቀረዋል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ሁለቱንም ስለሚያደርግ ፍልሚያው ይላላል።

የመጀመሪያዋ ስትሸነፍ ወደ ዙፋኗ ትመለሳለች፤ ከዚያ ሌሎቹ ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ ይህ ነው፤ አዲስ ጥቃት ግን የለበትም። ተጫዋቹ ለብቻ ለብቻ የተማራቸው ያው ሦስቱ ጥቃቶች አሁን ተደራርበው ይመጣሉ። አንዷ መሬት ላይ ስትወረወር ሌላዋ ከላይ ልትወርድ ትችላለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ፊደል ያስቆጠረ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሁለተኛው ያንኑ ፊደል በቃል መልክ ያስነብባል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጎድማስተር የተባለ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ሦስቱም በአንድ ላይ የሚዋጉበት የከበደ ፍልሚያ አለ፤ እዚያም መሠረቱ እነዚያው ጥቃቶች ናቸው።

መደራረብ ግን በዘፈቀደ የሚተው ነገር አይደለም። ሁለት ጥቃቶች ሲገጣጠሙ ተጫዋቹ ሊቆምበት ወይም ሊያልፍበት የሚችል ክፍተት መቅረት አለበት። ኮምፒዩተሩ ለሁለቱም ጠላቶች ለየብቻ ዕጣ ካወጣ፣ አንድ ቀን መሬቱም ሰማዩም በአንድ ጊዜ የሚዘጋበት ጥምረት ይወጣል። ሠሪው ይህን አስቀድሞ ያጣራል፤ ጥምረቶቹን አንድ በአንድ አስቀምጦ ማምለጫ የሌላቸውን ይሰርዛል፣ ወይም የአንደኛዋን ጅማሬ በጥቂት ፍሬም ያዘገያል። በሁለተኛው ምዕራፍ ዝግጅቱን ማሳጠርም ይቻላል። ተጫዋቹ ጥቃቱን ስለሚያውቀው ለመምረጥ የሚፈጅበት ጊዜ ቀንሷል፤ ከላይ ያልነው 36 ወደ 28 ቢወርድ ይደርስበታል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ መንገድ የሚከተሉም አሉ። ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ኤልደን ሪንግ ውስጥ ማርጊት የሚባል ቦስ አለ። በትሩን ያነሳል፣ ያነሳውንም በአየር ላይ ይዞ ይቆያል። እጁ ሲነሳ አይቶ ወዲያው የተንከባለለ ተጫዋች ተንከባሎ ሲነሳ በትሩ ያገኘዋል። ብዙዎች ይህን ማታለል ነው ብለው ተማርረዋል። እኔ እንደማምነው፣ በትሩ ሊወርድ ሲል ሁለተኛ የሚታይ ምልክት እስካለ ድረስ ማዘግየት ፍትሐዊ ነው፤ ትከሻው መዞር ሲጀምር ወይም ድምፅ ሲሰማ ተጫዋቹ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ሁለተኛው ምልክት ከሌለ ግን ተጫዋቹ ሰከንድ በልቡ ከመቁጠር ሌላ አማራጭ የለውም። ያ ደግሞ ንባብ አይደለም።

ጥቃቱ ምን ያህል ይጎዳል የሚለውም ከንባብ ተለይቶ አይታይም። የሆሎው ናይት ተከታይ የሆነው ሲልክሶንግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሲወጣ፣ በርካታ ጠላቶች በአንድ ምት ሁለት ጭንብል መውሰዳቸው ተጫዋቾችን አከራከረ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት ጭንብል ያለው ሰው አንድ አንድ ሲወሰድበት አምስተኛው ምት ይገድለዋል፤ ሁለት ሁለት ሲወሰድበት ግን ሦስተኛው። የጠፋው የሁለት ስህተት ዕድል ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሙከራ ውስጥ ጥቃቶቹን አይቶ የመማሪያ ጊዜውም አብሮ ያጥራል። ቲም ቼሪ ጌሙ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ቦሶች የሁለቱን ክብደት ቀነስ አድርጎታል። ምት ከባድ እንዲሆን የፈለገ ሠሪ ዝግጅቱን ማስረዘም አለበት፤ ፈጣኑን ምት ደግሞ ቀላል ማድረግ።

ቦሱ የሚነበብ መሆኑን ሠሪው ራሱ ሊፈርድ አይችልም፤ እያንዳንዱን ፍሬም ያውቀዋልና። ስለዚህ ጌሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ያስቀምጥና ምንም ሳይናገር ከጎኑ ሆኖ ይመለከታል። ተጫዋቹ በሞተ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፤ «ምን ገደለህ?» ተጫዋቹ «ከላይ ወረደችብኝ፣ ዘግይቼ ነው የሸሸሁት» ካለ ጥቃቱ ተነቧል፤ የቀረው ልምምድ ነው። «እኔ እንጃ» ካለ ወይም ያልነካውን ጥቃት ከጠቀሰ ችግሩ ንድፉ ላይ ነው። ያኔ የሚመረመሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ዝግጅቱ ከስክሪኑ ውጭ ተጀምሮ ይሆናል፤ ብልጭታና አቧራ የጠላትን አቋም ሸፍኖት ይሆናል፤ ወይም ምቱ የሚጎዳበት የማይታይ ክልል ከተሳለው መሣሪያ አልፎ ሰፍቶ ይሆናል። የመጨረሻው በተለይ ክፉ ነው፤ ተጫዋቹ ጦሩ እንዳልነካው በዓይኑ አይቶ ይሞታል።

የሞቱን ቦታና ምክንያት በዝርዝር መያዝም ይጠቅማል። ከ20 ሞት 14ቱ በአንድ ጥቃት ከሆነ መጀመሪያ የሚለወጠው የዚያ ጥቃት ዝግጅት ነው፤ የቦሱን ጠቅላላ ጤና መቀነስ በሽታውን ሳይነካ ፍልሚያውን ያሳጥራል። ሞቱ ሁሉ ሁለተኛው ምዕራፍ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከተከማቸ ደግሞ፣ በምዕራፎቹ መካከል ተጫዋቹ የሚተነፍስበት ጊዜ አልተሰጠውም ማለት ነው። ለውጡ አንድ በአንድ ይደረጋል፤ ዝግጅቱ በ6 ፍሬም ተራዝሞ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቀርቶ እንደገና ይሞከራል። ለዚህ ሙከራ ግን የትናንቱ ተጫዋች አያገለግልም፤ እሱ ጥቃቱን ተምሮታልና፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ቦሱን አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው ነው።