«እንኳን አደረሳችሁ» ስንል ለማን ነው?

የሕግ ትምህርት ካወረሰኝ ልማዶች አንዱ፣ ማንኛውንም ጽሑፍ ሳነብ «ተናጋሪው ማነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?» ብዬ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ለውልና ለኑዛዜ ብቻ ሳይሆን ለበዓል መልካም ምኞትም ይሠራል። በተለይ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በአንድነት ለሚያነቡት መልእክት።

እስቲ «እንኳን አደረሰህ» የሚለውን እንመልከት። አድራጊው አልተጠቀሰም፤ ሁላችንም ግን ፈጣሪ መሆኑን እናውቃለን። ተናጋሪው የሚለው «በሕይወት ቆይተህ ለዚህ ቀን በመብቃትህ ደስ ብሎኛል» ነው። በዓሉ የተቀባዩ ነው፤ ደስታው ግን የሁለቱም። ስለዚህ ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ «እንኳን ለገና አደረሰህ» ሲል ከእምነቱ አንዳች አልሰጠም። መልሱ ደግሞ የበለጠ ብልህ ነው፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል፤ በዓሉን ለማያከብረውም ድርሻ ሰጥቶ።

ችግሩ የሚመጣው «አደረሰህ» ወደ «አደረሳችሁ» ሲለወጥ ነው። ከተለያየ እምነት ለመጡ ሃያ ባልደረቦች «እንኳን ለትንሣኤ አደረሳችሁ» ብሎ መላክ ሃያውንም የበዓሉ ባለቤት ማድረግ ነው። መፍትሔው አንድ ቃል ነው፤ «ለምታከብሩ»። «የትንሣኤን በዓል ለምታከብሩ ወዳጆቼ እንኳን አደረሳችሁ» ሲባል የሚመለከተው ይቀበላል፤ የማይመለከተውም በስሙ አልተነገረበትም።

ሌላው መለየት ያለበት የውስጥ ሰላምታ ነው። ሙስሊሞች በኢድ ቀን እርስ በርስ የሚባባሉት «ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም» ትርጉሙ «አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበል» ነው። «ከእኛም» የሚለው ተናጋሪው ራሱ እንደጾመና እንደሰገደ ያስባል። የክርስቶስን መነሣት የሚያውጀው የፋሲካ ሰላምታም እንዲሁ የእምነት ምስክርነት ነው። ያላመነ ሰው ለማክበር ብሎ ቢላቸው ባያስቀይምም፣ የራሱን ቃል ግን አልተናገረም። ለውጪ ሰው «ኢድ ሙባረክ» ይበቃል፤ «የተባረከ በዓል» ማለት ነውና። ይህ ለኢድ አልፈጥርም ለአረፋም ያገለግላል። ለመውሊድ ግን አልተለመደም፤ መውሊድን የማያከብሩ ሙስሊሞችም አሉ።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል የ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጥሩ ማሳያ ነው። ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 8 ዋለ፤ ኢድ አልፈጥር ደግሞ ዓርብ ሚያዝያ 13። በአምስት ቀን ልዩነት ማለት ነው። እሑድ ዕለት ክርስቲያኑ ዶሮውን ሲቆርስ ሙስሊሙ ባልደረባው ገና ጾም ላይ ነበር። በዚያ ቀን ለሁሉም «እንኳን ለጾም ፍቺው አደረሳችሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ጊዜ ስቷል። ሙስሊሙ ገና አልፈታም፤ ፕሮቴስታንቱ ደግሞ ፋሲካን ቢያከብርም ሁዳዴን እንደ ኦርቶዶክሱ አልጾመም ይሆናል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ፋሲካን ለምታከብሩ እንኳን አደረሳችሁ። በረመዳን ጾም ላይ ላላችሁ ደግሞ ቀሪዎቹን ቀናት በሰላም ያስፈጽማችሁ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ የተረሳ የለም። የኢዱን ቀን ግን ቀድሜ አልጽፍም፤ ወሩ 29 ወይም 30 መሆኑ የሚለየው ጨረቃ ስትታይ ነውና።

የጋራ በሆነው እንቁጣጣሽም ጥንቃቄ ያሻል። «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ለሁሉም ይሆናል። «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ» ሲባል ግን ዓመታትን በአራቱ ወንጌላውያን የሚሰይመው የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ገባ። ለኦርቶዶክስ ወዳጅ ያማረ ነው፤ ለሁሉም በሚላከው ላይ ግን የወንጌላውያኑን ስም ትቶ 2015ን በ2015ነቱ መጥራት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መልስ የማይሰጥ ሰው ይኖራል። የይሖዋ ምሥክሮች ገናን አያከብሩም። የሌላ እምነት በዓልን «እንኳን አደረሰህ» ማለት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይም በሙስሊም ሊቃውንት መካከል የቆየ ክርክር አለ፤ አጥባቂ ክርስቲያኖችም የሚያመነቱበት ጉዳይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖትና የኅሊና ነፃነትን ሲደነግግ፣ እንደኔ እንደኔ ያ ነፃነት ዝም ማለትንም ይጨምራል። ዝም ያለውን ባልደረባ በሁሉም ፊት «አንተስ አትልም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ መልካም ምኞቱን ወደ ምርመራ ይለውጠዋል። በማግስቱ ቢሮ ስንገናኝ «በዓል እንዴት ነበር?» ብሎ ከጠየቀን፣ እርሱ በሚችለው ቋንቋ «እንኳን አደረሰህ» ብሎናል።