ቡ፣ በ፣ ብ፦ የዐረብኛ ግስ መጨረሻ

ዐረብኛ «ይጽፋል» ለማለት «የክቱቡ» ይላል። ግሱ «ከተበ» ነው፤ አማርኛ ክታብና ክትባት የሚላቸው ቃላት የዚሁ ግስ ዘመዶች ናቸው። ከፊቱ የሚገዛው ቃል እስከሌለ ድረስ ግሱ በ«ቡ» ይጨርሳል። «ለን» ሲቀድመው «ለን የክቱበ» ይሆናል፤ ትርጉሙም ወደፊት አይጽፍም ነው። «ለም» ሲቀድመው ደግሞ «ለም የክቱብ» ይባላል፤ አልጻፈም ማለት ነው። የነሕው መምህራን የመጀመሪያውን ሁኔታ ረፍዕ፣ ሁለተኛውን ነስብ፣ ሦስተኛውን ጀዝም ይሉታል።

ይህን ለማየት የግዕዝ ፊደል ከዐረብኛው ጽሕፈት ይልቅ ይመቻል። ቡ ካዕብ፣ በ ግዕዝ፣ ብ ሳድስ ነው፤ ለውጡ በፊደሉ ቅርጽ ላይ ይታያል። በዐረብኛ ግን አጭር ድምፅ ከፊደሉ በላይ ወይም በታች በሚጨመር ምልክት የሚጻፍ ሲሆን፣ ጋዜጦችና አብዛኞቹ መጻሕፍት ምልክቱን ይተዉታል። ስለዚህ ሦስቱም ቃላት በገጹ ላይ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ከፊት ያለችውን ትንሽ ቃል ያስተዋለ አንባቢ ነው።

በ1323 ያረፈው የፌዙ ሊቅ ኢብን አጁሩም ለጀማሪዎች ባዘጋጀው አጭር መጽሐፍ ነስብ የሚያመጡትን ቃላት 10፣ ጀዝም የሚያመጡትን 18 አድርጎ ቆጥሯል። በየዕለቱ የሚያጋጥሙት ግን ጥቂት ናቸው። የነስቦቹ ትርጉም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም፤ ድርጊቱ ገና የታሰበ ወይም የሚጠበቅ ነው። «ኡሪዱ አን የክቱበ» እንዲጽፍ እፈልጋለሁ፣ «ሐታ የክቱበ» እስኪጽፍ፣ «ሊየክቱበ» ደግሞ ሊጽፍ ማለት ነው። የመጨረሻዋ «ሊ» የአማርኛውን «ሊ» ስለምትመስል ቶሎ ትያዛለች፤ ግን ወጥመድ አላት። «ሊየክቱብ» ተብሎ በሳድስ ከተዘጋ ነገሩ ዓላማ መሆኑ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል፤ «ይጻፍ» ማለት ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚያሳየው የግሱን ውስጥ ለውጦ ነው፤ ዐረብኛ የመጨረሻዋን ድምፅ በመጣል ይጨርሰዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው «ላ» ነው። «ላ ተክቱቡ» አትጽፍም፣ «ላ ተክቱብ» አትጻፍ ነው። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ «ላ» አፍራሽ ብቻ ስለሆነ ግሱን አይነካውም። ሁለተኛው ክልከላ ስለሆነ ግሱን ይጀዝማል። ምልክት በሌለው ጽሑፍ ሁለቱ ፈጽሞ አይለዩም። መለየት የሚቻለው በመሃሉ ረጅም ድምፅ ያለው ግስ ሲመጣ ነው። «ተቁሉ» (ትላለህ) የሚለው ግስ «ቁ» ላይ ድምፁ ይረዝማል፤ ዐረብኛም ርዝመቱን ዋው በተባለው ፊደል ይጽፈዋል። ጀዝም መጨረሻውን ሲዘጋው ረጅሙ ድምፅ ከተዘጋው ፊደል ጋር ስለማይስማማ ያጥራል፤ ዋውም ከጽሑፉ ይወጣል። ስለዚህ ዋው ካለ «አትልም»፣ ከሌለ «አትበል» ነው። ነስብ ግን መጨረሻውን ስለማይዘጋ «ለን ተቁለ» ሲባል ዋው በቦታው ይቆያል።

በረጅም ድምፅ በሚጨርሱ ግሶችም ጀዝም ራሱን የሚያሳየው በመቁረጥ ነው። «የድዑ» (ይጠራል) መጨረሻው ረጅም ሲሆን፣ «ለም» ሲቀድመው ያጥርና የመጨረሻው ዋው ይወድቃል።

ለብዙ ሰዎች «የክቱቡነ» (ይጽፋሉ)፣ ለአንዲት ሴት «ተክቱቢነ» (ትጽፊያለሽ)፣ ለሁለት ሰዎች «የክቱባኒ» ይባላል። እነዚህ የድምፅ ምልክት የላቸውም፤ የሚጥሉት መጨረሻቸው ላይ ያለውን ነ ወይም ኒ ነው። ለነስብም ለጀዝምም አንድ ዓይነት ስለሆኑ «ለን የክቱቡ» አይጽፉም፣ «ለም የክቱቡ» አልጻፉም ይሆናል። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ውለታው ያልቃል፤ «የክቱቡ» ብሎ የጻፈ ሰው አንዱን «ይጽፋል» ይሁን ብዙዎቹን ማለቱ አይታወቅም፤ የድምፅ ርዝመት በፊደሉ አይጻፍምና። ዐረብኛው የብዙውን በዋውና ከዋው ቀጥሎ በሚጻፍ ድምፅ አልባ አሊፍ ይለየዋል። «የክቱብነ» የሚለው የሴቶች ብዙ ቁጥር ግን «ነ»ውን አይጥልም፤ በሦስቱም ሁኔታ ሳይለወጥ ይኖራል።

የተጀዘመ ግስ «አል» በሚል ቃል ሲከተል ደግሞ «ለም የክቱቢልወለዱ» (ልጁ አልጻፈም) የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ «ቢ» ሌላ ሁኔታ አይደለም፤ ሁለት የተዘጉ ፊደላት እንዳይጋጩ የገባ መሸጋገሪያ ነው። ዐረብኛ በ«ኢ» ድምፅ የሚያመለክተው ጀር የተባለው ሁኔታ የስሞች ብቻ ነው፤ ግስ አይቀበለውም። ስለዚህ «ቢ» የሰማ ተማሪ ግሱን እንደ ተዘጋ፣ ማለት እንደ «ብ»፣ ቆጥሮ ይተነትነዋል።