ግሪኮች ነጎድጓድን ለምን የዜውስ ቁጣ አሉት?

ልጆች፣ በጥንት ግሪኮች ተረት ውስጥ ሳልሞኔዎስ የሚባል ትዕቢተኛ ንጉሥ አለ። ይህ ንጉሥ ከሠረገላው ኋላ የነሐስ ማሰሮዎች አስሮ በከተማው መንገድ ላይ ያስጋልብ ነበር። ማሰሮዎቹ እየተንኳኩ ሲጮኹ «ይህ የእኔ ነጎድጓድ ነው» ይላል። የሚነድ ችቦ ወደ ሰማይ እየወረወረም «ይህ ደግሞ መብረቄ ነው» ይላል። ሕዝቡም ለዜውስ ያቀርብ የነበረውን መሥዋዕት ለእሱ እንዲያቀርብ አዘዘ። ዜውስ ይህን ሲያይ ተቆጣ፤ እውነተኛውን መብረቅ ወርውሮ ንጉሡንም ከተማውንም አጠፋ ይላል ተረቱ።

ዜውስ ግሪኮች የአማልክት ሁሉ ንጉሥ ነው ብለው ያመልኩት የነበረ የሰማይ አምላክ ነው። መኖሪያው ኦሊምፐስ የሚባለው ተራራ ነው ይሉ ነበር። ተራራው እውነተኛ ነው፤ ዛሬም በሰሜን ግሪክ ቆሞ ይታያል። ከፍታው ከ2,900 ሜትር በላይ ሲሆን ከባሕር ብዙም አይርቅም። ከባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ብዙ ጊዜ በደመና ይሸፈናል፤ እዚያም መብረቅ ይበርቃል። እናንተ ከተራራው ሥር የምትኖሩ እረኞች ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? ማንም ወጥቶ ያላየው ጫፍ በደመና ተጋርዷል፤ ከደመናው ውስጥ እሳት ቦግ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ጩኸት ይከተላል። «እዚያ ላይ አንድ ኃይለኛ ይኖራል» ማለት የሞኝ ሐሳብ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ሞተር የለም፤ ድምፅ ማጉያም የለም። በመንደሩ የሚሰማ ትልቅ ድምፅ ሁሉ ባለቤት ነበረው። ብረት ሲቀጠቀጥ ከመዶሻው ጀርባ አንጥረኛ አለ፤ ከበሮ ሲመታ መቺ አለ፤ ሲጮህ የሚሰማ ካለም የተቆጣ ሰው ነው። ስለዚህ ሰማዩ ሲያጓራ መጀመሪያ የመጣላቸው ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ሳይሆን «ይህ ማን ነው?» የሚል ነበር። ሄሲዮድ የሚባለው ገጣሚ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት ገደማ፣ ለዜውስ መብረቁን የሰጡት ባለ አንድ ዓይን ግዙፎች እንደሆኑ ጽፏል። ዜውስ ከመሬት በታች ታስረው የነበሩትን እነዚህን ግዙፎች ስለፈታቸው፣ ውለታውን ለመመለስ መብረቁን ሰጡት።

ግን ለምን ቁጡ አደረጉት? ዋናው ምክንያት መብረቅ የሚመታበት መንገድ ይመስለኛል። ዝናብ ሁሉን እኩል ያረጥባል፤ መብረቅ ግን ከብዙ ዛፎች አንዱን፣ ከብዙ ጎጆዎች አንዷን ነው የሚመታው። ለሚያየው ሰው መርጦ የመታ ይመስላል። መርጦ የሚመታ ደግሞ ምክንያት አለው ማለት ነው። ዜውስ የመሐላ ጠባቂ ነው ተብሎም ይታመን ስለነበር በውሸት የማለ ሰው መብረቁን ይፈራ ነበር።

እስቲ አንድ መንደር እናስብ። የአንድ ገበሬ ጎጆ በመብረቅ ተቃጠለ። ጎረቤቶቹ «ምን አድርጎ ይሆን?» ብለው ይጠያየቃሉ። አንዱ፣ ገበሬው በበግ ሽያጭ ላይ ዋሽቶ እንደነበር ያስታውሳል። «አያችሁ!» ይባላል። ግን ያልበደለ ማን አለ? ከተፈለገ ለማንም ሰው ጥፋት አይታጣለትም። በሌላ በኩል ከዚህ ሰው የባሰ ውሸታም በሰላም እየኖረ ቢሆን ያንን የሚያነሣ የለም። እምነቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚደግፈው ነገር ይወራል፣ የሚቃወመው ይረሳል። ግሪኮች መብረቅ የወደቀበትን ቦታ ዜውስ የወረደበት ነው ብለው ያጥሩትና ሰው እንዳይረግጠው ይከለክሉ ነበር።

ፍርሃት ብቻ እንዳልነበረ ግን እወቁልኝ። የግሪክ በጋ ደረቅ ነው፤ ገበሬው እህል የሚዘራው የበልግ ዝናብ ሲመጣ ነው። ያንን ዝናብ የሚያመጣውም ያው ዜውስ ነበር። ሄሲዮድ ራሱ ገበሬዎች ማረስ ሲጀምሩ ወደ ዜውስ እንዲጸልዩ መክሯል። ስለዚህ ሰማዩ ሲያጉረመርም ገበሬው ይፈራል፣ ደስም ይለዋል።

ከግሪኮቹ መካከልም የተጠራጠሩ ተነሡ። አናክሲማንደር የሚባል አሳቢ፣ ነጎድጓድ በደመና ውስጥ የታፈነ ነፋስ ሰብሮ ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው ብሎ ነበር። መልሱ ልክ አልነበረም፤ ግን ቁጣ የሌለበት መልስ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ423 ዓመት ደግሞ አሪስቶፋነስ «ደመናዎች» የተባለ ቴአትር በአቴንስ አሳየ። በዚያ ቴአትር ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ ዜውስ በውሸት የሚምሉትን በመብረቅ ይመታል ብሎ ይከራከራል። ሶቅራጥስ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ግን፣ እንዲያ ከሆነ የታወቁት ውሸታሞች እንዴት ሳይመቱ ቀሩ፣ ዜውስስ የገዛ ቤተ መቅደሱንና ትልልቅ ዛፎችን ለምን ይመታል፣ ዛፍ መቼም በውሸት አይምልም ብሎ ይሞግተዋል። ቴአትሩ የተጻፈው ለማሳቅ ነው፤ እውነተኛው ሶቅራጥስ ይህን ማለቱንም አያረጋግጥም። ጥያቄው ግን እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ዛሬ መልሱን እናውቃለን። በትልቅ ደመና ውስጥ ጥቃቅን በረዶዎች ከፍ ካሉ የበረዶ እንክብሎች ጋር ይጋጫሉ። በግጭቱም ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ሹራብ ስታወልቁ ጠጥ ጠጥ የሚለው ዓይነት፣ ግን እጅግ የበዛ። ሲበዛ በአየሩ ውስጥ ጥሶ ያልፋል። ያለፈበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያግለዋል፤ ይህ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ነው። የጋለው አየር በቅጽበት ይለጠጣል፤ ያ ግፊት ነው ነጎድጓድ ሆኖ የሚሰማን። የቁጣ ማጉረምረም የሚመስለውም መብረቁ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ነው፤ ከቅርቡ ጫፍ የተነሣው ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሩቁ የተነሣው ዘግይቶ ይከተላል።

የቴአትሩ ጥያቄም እዚህ ይመለሳል። መብረቅ ብዙ ጊዜ የሚመታው ለደመናው የቀረበውን ረጅም ነገር ነው። ኮረብታ ላይ ያለ ቤተ መቅደስና ለብቻው የቆመ ትልቅ ዛፍ የሚመቱት ረጃጅም ስለሆኑ ነው፤ በጥፋት አይደለም።

ርቀቱን እናንተም መለካት ትችላላችሁ። ብልጭታውን ካያችሁበት ጀምሮ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት የቆጠራችሁትን ለሦስት አካፍሉ። ስድስት ከቆጠራችሁ መብረቁ የበረቀው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ይህን የምትቆጥሩት ግን ቤት ውስጥ ሆናችሁ ይሁን። ሜዳ ላይ ሳላችሁ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ወደ ቤት ወይም በሩ ወደተዘጋ መኪና ግቡ፤ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።