ወለድ የማይፈልገው ደንበኛ በየትኛው ክፍል ይመደባል? ገበያን መክፈል፣ መምረጥና ቦታ መያዝ



የኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ የምንወስድ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም ሆንን ለመውጫ ፈተና የምትዘጋጁ የማርኬቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎች ደጋግመን የምናገኘው አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። ለምሳሌ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ባንክ ወለድ መክፈልም ሆነ መቀበል ለማይፈልጉ ደንበኞች የተለየ መስኮት ከፈተ። ገበያውን የከፈለው በምን መሠረት ነው?» ምርጫዎቹ፦ ሀ. ጂኦግራፊክ፣ ለ. ዲሞግራፊክ፣ ሐ. ሳይኮግራፊክ፣ መ. ቢሄቪየራል።

ብዙ ተማሪ «ሙስሊም» የሚለው ወዲያው ወደ ሐሳቡ ይመጣበትና «ለ»ን ያከብባል። ሃይማኖት በእርግጥ ዲሞግራፊክ ነው። ነገር ግን ጥያቄውን መልሰን ብናነበው ሃይማኖት የሚል ቃል የለበትም። ትክክለኛው መልስ «መ» ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ይህ አገልግሎት በአገራችን እንዴት እንደመጣ ማየት ይጠቅመናል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። መመሪያው የዚህ አገልግሎት ገንዘብ ከመደበኛው የባንኩ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል ይጠይቃል። ከ2013 ጀምሮ ባንኮች መስኮቶቻቸውን መክፈት ጀመሩ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም አገልግሎቱን «ሲቢኢ ኑር» በሚል ስም ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ጀመረ። ሂጅራ ባንክም በዚያው ዓመት ተከተለ። እነዚህ ባንኮች ደንበኛን በሃይማኖት አይለዩም፤ አካውንት የሚከፍት ሰው ሃይማኖቱን አይጠየቅም። ለጥያቄያችን ቁልፉ ይህ ነው።

ቅደም ተከተሉ በአንድ ቅርንጫፍ

ሦስቱ እርምጃዎች ሴግመንቴሽን፣ ታርጌቲንግና ፖዚሽኒንግ ናቸው። መጀመሪያ ገበያውን እንከፍላለን፣ ቀጥለን ከክፍሎቹ እንመርጣለን፣ በመጨረሻም በመረጥነው ደንበኛ አእምሮ ውስጥ ቦታ እንይዛለን። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዱርቤቴ ላይ ያለ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ከወለድ ነፃ መስኮት ሊከፍት አስቧል እንበል። ቅርንጫፉም ቁጥሮቹም ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው። ባንኩ 400 የእህል፣ የበርበሬና የሸቀጥ ነጋዴዎችን ጠየቀ፤ ከእነሱ ውስጥ 100ዎቹ ሙስሊሞች ናቸው።

በሃይማኖት ብቻ ቢከፍል አንድ የ100 ሰው ክፍል አገኘ ማለት ነው። ስለ ገንዘብ አያያዛቸው ሲጠይቅ ግን መቶዎቹ አንድ እንዳልሆኑ ያያል። 25ቱ መደበኛ የቁጠባ አካውንት አላቸው፣ ወለዱንም ይወስዳሉ። 35ቱ አካውንት አላቸው፣ ወለዱ እንዳይታሰብላቸው ግን ለባንኩ ነግረዋል። 40ዎቹ ጭራሽ ባንክ አይገቡም፤ ገንዘባቸው በቤት፣ በዕቁብ ወይም በመጋዘን ባለ እህል ላይ ነው። በሌላ በኩል ሙስሊም ካልሆኑት 300 መካከል 20ዎቹ ጥሬ ገንዘብ ከመበደር ይልቅ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ በክፍያ እንዲሸጥላቸው ይፈልጋሉ። ይህ እኛ ሙራበሓ የምንለው ነው። እስካሁን የተሠራው ሁሉ ሴግመንቴሽን ነው፤ መሠረት መምረጥና የየክፍሉን መልክ መግለጽ ማለት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ታርጌቲንግ ነው። እዚህ ባንኩ እያንዳንዱን ክፍል ይመዝናል፦ ክፍሉ ምን ያህል ትልቅ ነው? ማን ይወዳደረኛል? እኔስ አቅሙ አለኝ? 35ቱና 40ዎቹ ተደምረው 75 ናቸው። ለ75 ሰው የተለየ ቅርንጫፍ መገንባት አያዋጣም፤ ባለው ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ መስኮትና አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ ግን ይበቃል። ሙራበሓ ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ አሠራር ይፈልጋል፤ ቅርንጫፉ ይህን ገና ስላላደራጀ 20ዎቹን ለጊዜው ያቆያቸዋል። 25ቱ ደግሞ ባለው አገልግሎት እየተስተናገዱ ነው። ስለዚህ 75ቱን መረጠ።

ሦስተኛው ፖዚሽኒንግ ነው። ቦታ የሚያዘው ደንበኛው አሁን ከሚጠቀምበት ነገር አንጻር ነው። 35ቱ የሚያወዳድሩት ከመደበኛው አካውንት ጋር ነው፤ የሚያሳስባቸውም «ገንዘቤ ከወለድ ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል ወይ?» የሚል ነው። ለእነሱ መነገር ያለበት የተለየ ሂሳብ መኖሩ ነው። 40ዎቹ የሚያወዳድሩት ከሣጥንና ከዕቁብ ጋር ነው፤ እነሱ ደግሞ ገንዘቡ በፈለጉት ቀን መውጣት መቻሉን ማወቅ ይፈልጋሉ። የመስኮቱ ስም፣ የቅጹ ይዘት፣ የሠራተኛው ማብራሪያ፣ ማስታወቂያው፣ ማለትም ማርኬቲንግ ሚክስ የሚባለው፣ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምን ይሆናል? ባንኩ ሳይከፍልና ሳይመርጥ አረንጓዴ ሰሌዳና ዐረብኛ ስም ሰቅሎ ጀመረ እንበል። አካውንት የሚከፍት ሰው አያጣም። ችግሩ የሚታወቀው የገባው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሲታይ ነው። አብዛኛው ከዚያው ቅርንጫፍ መደበኛ አካውንት የተዛወረ ከሆነ፣ ባንኩ ነባር ደንበኞቹን ከመስኮት ወደ መስኮት አዛወረ እንጂ ከሣጥን የወጣ አዲስ ገንዘብ አላገኘም። ሙራበሓ የሚፈልጉት 20 ነጋዴዎችም ሰሌዳውን አይተው «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው ያልፋሉ።

ፈተና ላይ የእርምጃዎቹ መለያ ግሡ ነው። «ከፈለ፣ መደበ፣ የየክፍሉን ባሕርይ ገለጸ» ካለ ሴግመንቴሽን ነው። «መዘነ፣ ገመገመ፣ መረጠ» ካለ ታርጌቲንግ ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ የክፍሎችን ማራኪነት መገምገም ሴግመንቴሽን ይመስላል፣ ግን የታርጌቲንግ ሥራ ነው። «ከተወዳዳሪ ለየ፣ በደንበኛው አእምሮ ቦታ ያዘ» ካለ ፖዚሽኒንግ ነው።

አራቱን መሠረቶች መለየት

ዓረፍተ ነገሩን እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንጠይቀው።

አንደኛ፣ ካርታ ላይ ማመልከት ይቻላል? ዱርቤቴ፣ ቡሬ፣ ደጋ፣ ከተማ ወይም ገጠር፣ የሕዝብ ጥግግት ከሆነ ጂኦግራፊክ ነው።

ሁለተኛ፣ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ይሞላል? ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሃይማኖት ዲሞግራፊክ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ምርቱ ባይኖርም ስለ ሰውየው የሚነገር ጠባይ፣ አኗኗር ወይም እሴት ነው? «ቁጥብ ነው፣ አዲስ ነገር መሞከር ይወዳል፣ ሕይወቱን በዲኑ ሥርዓት የሚመራ ነው» ካለ ሳይኮግራፊክ ነው።

አራተኛ፣ ምርቱን ከዓረፍተ ነገሩ ብናወጣው ትርጉሙ ይፈርሳል? ስንት ጊዜ ይጠቀማል፣ መቼ ይገዛል፣ ለየትኛው ምርት ታማኝ ነው፣ ከምርቱ የሚፈልገው ጥቅም ምንድን ነው የሚሉት ያለ ምርቱ አይቆሙም። እነዚህ ቢሄቪየራል ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «ወለድ መክፈልም ሆነ መቀበል አይፈልግም» ከሚለው ውስጥ አካውንቱንና ብድሩን ብናወጣ የሚቀር ነገር የለም። ደንበኛው ከአገልግሎቱ የሚፈልገውን ጥቅም ስለሚናገር ቢሄቪየራል ነው። ከዚህ ፍላጎት በስተጀርባ ያለው ምክንያት እምነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን የጠየቀው ባንኩ ገበያውን የከፈለበትን መሠረት ነው እንጂ የፍላጎቱን ምንጭ አይደለም።

በአንድ ሰው ላይ እንለማመድ። በዱርቤቴ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። «የዱርቤቴ ነዋሪ ነው» ጂኦግራፊክ። «የ45 ዓመት ሙስሊም ነጋዴ ነው» ዲሞግራፊክ። «ከዕዳ የሚርቅ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው» ሳይኮግራፊክ። «በገበያ ቀን ብቻ ባንክ ይገባል» ቢሄቪየራል። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው ስለ እሱ የተነገረው ነገር ነው። ስለዚህ መልሱን በጥያቄው ቃላት ውስጥ እንጂ በደንበኛው ማንነት ውስጥ አንፈልገው።

በተለይ ተማሪን የሚያደናግሩ ሦስት ነጥቦች አሉ። በዓል አንዱ ነው። «ሙስሊሞች» ካለ ዲሞግራፊክ ነው፤ «ለዒድ በግ የሚገዙ» ካለ ግን የመግዣ ጊዜን ስለሚናገር ቢሄቪየራል ነው። ሁለተኛው አመለካከት ነው። ስለ ሕይወት በጠቅላላው ከሆነ ሳይኮግራፊክ፣ ስለዚያው ምርት ከሆነ («ባንክን አያምንም») ቢሄቪየራል ነው። ሦስተኛው ማኅበራዊ መደብ ነው። ገቢ በቁጥር ስለሚገለጽ ዲሞግራፊክ ሲሆን፣ ማኅበራዊ መደብን ግን የኮትለርና የአርምስትሮንግ ቀደምት እትሞች ከሳይኮግራፊክ ይመድቡታል። ሌሎች መጻሕፍት ከዚህ ሊለዩ ስለሚችሉ፣ በዚህ ነጥብ ላይ የምንከተለው በየትምህርት ክፍላችን የተሰጠንን ሃንድአውት ነው።

ጥያቄው ሁለት መሠረት አጣምሮ ሊመጣም ይችላል፦ «በምዕራብ ጎጃም ከተሞች የሚኖሩ፣ አካውንት የሌላቸው ነጋዴዎች» እንደሚለው። እዚህ ቦታው ጂኦግራፊክ፣ ሥራው ዲሞግራፊክ፣ አካውንት አለመኖሩ ቢሄቪየራል ነው። ከምርጫዎቹ መካከል «ከአንድ በላይ መሠረት» የሚል ካለ እሱ ነው መልሱ። ከሌለ ደግሞ «በዋናነት» ወይም «በተለይ» ከሚል ቃል በኋላ የተጻፈውን እንይ፤ ጠያቂው የሚፈልገው እሱን ነው።