ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን

ድምፅ የሚፈጠረው ማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። ሰው ሲናገር አውታሮቹ ይገጥሙና ከሳንባ በሚወጣው አየር ይርገበገባሉ። ጠርዛቸው ሲያብጥ ወይም ሲሻክር፣ አለዚያም አንደኛው መንቀሳቀስ ሲያቅተው በደንብ አይገጥሙም፤ ድምፅም ይጎረንናል።

ጉንፋን ወይም ጩኸት ያመጣው መጎርነን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ግን ምክንያቱ በምርመራ መታወቅ አለበት። በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማንቁርት ካንሰር ነው። አልኮል ሲጨመርበት አደጋው ይበልጥ ይከፋል።

ካንሰሩ ከአውታሩ ላይ ከተነሳ፣ ገና ትንሽ ሳለ ድምፅን ይለውጣል። በአውታሩ ላይ የሊምፍ ቱቦዎች ጥቂት ስለሆኑም ወደ አንገት ዕጢዎች ለመዛመት ጊዜ ይወስድበታል። በዚህ ደረጃ የተገኘ ካንሰር በጨረር ወይም በአፍ በኩል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከአሥር ሰዎች በዘጠኙ ገደማ ይድናል። ሲዘገይ ግን ማንቁርቱን በሙሉ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ታማሚው የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ከአውታሮቹ በላይ የሚነሳ ካንሰር ድምፅን የሚለውጠው ዘግይቶ ነው። ቀድመው የሚታዩት ሲውጡ ማመም፣ ወደ ጆሮ የሚሰማ ሕመም ወይም የአንገት እብጠት ሊሆኑ ይችላሉ።

የማያጨስ ሰውም ከምርመራው አይቀርም። የግራውን አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ወደ ደረት ወርዶ፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ስር ዞሮ ወደ ማንቁርት ይመለሳል። ስለዚህ የሳንባ ዕጢ ነርቩን ተጭኖ ድምፅን ሊያጎረንን ይችላል። የእንቅርት ቀዶ ሕክምናም ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ወደ ማንቁርት ሊዛመት ይችላል። በመምህራንና በዘፋኞች አውታር ላይ ደግሞ ካንሰር ያልሆኑ ጠጣር እብጠቶች ይወጣሉ።

እነዚህን ሁሉ ጆሮ ብቻ አይለያቸውም። አፍ አስከፍቶ በባትሪ ማየትም አውታሮቹን አያሳይም። የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫን ካደነዘዘ በኋላ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ያስገባል፤ ታማሚው ሲናገርና ሲተነፍስ አውታሮቹን ያያል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

ለምሳሌ የ55 ዓመት አጫሽ ሾፌር ድምፁ ለአምስት ሳምንት ጎርንኖ፣ በአንቲባዮቲክና በጨጓራ መድኃኒት ሳይሻለው ቢመጣ፣ ሐኪሙ በአንዱ አውታር ላይ ነጭ ሻካራ ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ቦታው ካንሰር መሆን አለመሆኑ በዓይን አይረጋገጥም። ሰውየው በሰመመን ተኝቶ ናሙና ይወሰድለታል፤ የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው የናሙናው ውጤት ነው። አውታሩ ሳይታይ መድኃኒት መቀያየር የሚጎዳው ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ የሚታከምበትን ጊዜ ስለሚያባክን ነው።

ደም የሚተፋ፣ የሚከሳ ወይም ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ሦስት ሳምንት እስኪሞላው አይጠብቅም። ሲተነፍስ የሚያፏጭና አየር የሚያጥረው ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።